ሩቢስኮ ለምን ኦክስጅን ያነሳል? ወንድሜ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

ሀና 4 ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ማትሪክ ይወስዳል። ከሥራ ስገባ ማታ ማታ አብረን እናጠናለን። ትናንት ፎቶሲንተሲስ ላይ ነበርን።

የብርሃኑ ክፍል በደንብ ገብቶታል። ብርሃን ታይላኮይድ ላይ ያርፋል፤ ውሃ ይሰነጠቃል፤ ኦክስጅን ይወጣል። ከውሃው የወጣው ኤሌክትሮን እየተቀባበሉት ሲሄድ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች የሚባሉ ኃይል ተሸካሚዎች ይሠራሉ። ከዚያ ካልቪን ዑደት እነዚህን ሁለቱን እየመነዘረ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር ይለውጣል። ካርቦኑን የሚይዘው ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ችግሩ የመጣው ከስር ያለች አንዲት አጭር አንቀጽ ላይ ነው። «ሩቢስኮ አንዳንዴ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዛል። ይህ ፎቶረስፒሬሽን ይባላል፤ ብክነት ነው» ይላል ማስታወሻው። ወንድሜ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ሥራው ካርቦን መያዝ ከሆነ ኦክስጅን ምን ያደርግለታል? ስህተት ከሆነስ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልተስተካከለም?» አለኝ።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ዝም አልኩ። አስተማሪውን ጠይቆ «ስህተት ነው ብለህ ጻፍ፣ በቃ» ተብሏል። እሱ ግን ያልገባውን መጻፍ አይፈልግም፤ ደስ ብሎኛል። የምታውቁ ካላችሁ ለሁለታችንም አስረዱን።

ናቲ ዘፒያሳ

ሀኒ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ተክል ቀን ኦክስጅን ያወጣል፣ ማታ ደግሞ እንደኛ ይተነፍሳል። እናቴ አበባ መኝታ ቤት አታሳድሩ የምትለው ለዚህ ነው። ሩቢስኮም ሲመሽ ወደ ኦክስጅን ይዞራል ማለት ነው።

ሀና 4 ኪሎ

ናቲ አመሰግናለሁ። ግን ማስታወሻው ብርሃን ባለበት ነው የሚሆነው ይላል። ስሙም «ፎቶ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የማታው ሌላ ነገር ይመስለኛል።

ብሩክ ኬሚስትሪ

ሀና ልክ ነሽ፣ ማታ አይደለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውሃው የሚሰነጠቀው ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ሩቢስኮም ያለው እዚያው ክሎሮፕላስት ውስጥ ነው። ስለዚህ የብርሃኑ ክፍል የሚያመርተው ኦክስጅን ሩቢስኮ አጠገብ ይከማቻል። ኢንዛይሙ በኦክስጅን ይጥለቀለቃል፤ ከዚያ ይሳሳታል። ራሱ ባመረተው ነገር ይታፈናል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ውስጥ ኦክስጅን ያንሳል። እኛ ጋ ያሉ ተክሎች ችግሩ ብዙም አይነካቸውም። ቆላ ነው የሚብሰው።

የቅጠል ሰው

ሀና፣ የወንድምሽ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔ ዕፅዋት ላይ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜዬን ያሳለፍኩት ቅጠል መለኪያ ክፍል ውስጥ ቆልፌ የሚገባና የሚወጣውን ጋዝ በመቁጠር ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ አንድ ቃል ላስተካክል። ሩቢስኮ «ኦክስጅን ይይዛል» ስንል ጋዝ የሚቀመጥበት ቦታ ያለው ያስመስላል። የለውም። ሩቢስኮ አጥብቆ የሚይዘው ስኳሩን ነው፤ አምስት ካርቦንና ሁለት ፎስፌት ያለውን፣ ሪቡሎዝ ቢስፎስፌት የሚባለውን። ከያዘው በኋላ አንድ ፕሮቶን ይነቅልለታል። ያኔ ስኳሩ ይለወጣል። መሃል ላይ ያለ አንድ ካርቦኑ ኤሌክትሮን ይበዛለታል፤ ያገኘው ነገር ላይ ለመጣበቅ ዝግጁ ይሆናል።

አሁን ጋዝ ይመጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ይጣበቃል፤ ስድስት ካርቦን ይሆንና ወዲያው ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ሁለት ባለሦስት ካርቦን ይወጣሉ። ሁለቱም ካልቪን ዑደት ውስጥ ይቀጥላሉ። የመጣው ኦክስጅን ከሆነም ይጣበቃል። ያ የተዘጋጀ ካርቦን ከኦክስጅን ጋርም መዋሃድ ይችላልና። ረዳት የሌለው ሚኒባስ በሩን ከፍቶ እንደቆመ አስቢው። ቀድሞ የደረሰ ይገባል፤ ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እርግጥ ሩቢስኮ ፍጹም ግድየለሽ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በጣም ያስበልጣል። ግን ሁለቱም ትንንሽ፣ ቻርጅ የሌላቸው ጋዞች ናቸው። አንዱን ከሌላው ለይቶ ለመጨበጥ የሚያስችል እጀታ የላቸውም።

ኦክስጅን ሲገባ ምን ይወጣል? አንድ ባለሦስት ካርቦንና አንድ ባለሁለት ካርቦን። ባለሦስቱ ደህና ነው። ባለሁለቱ ፎስፎግላይኮሌት ይባላል። ካልቪን ዑደት ውስጥ ቦታ የለውም። እንዲያውም ሲጠራቀም የዑደቱን ሌሎች ኢንዛይሞች ያንቃል። ስለዚህ ተክሉ ሊያስወግደው ይገባል። ሲያስወግደው ደግሞ ውስጡ ያለውን ካርቦን ለማዳን ይሞክራል።

ፎቶረስፒሬሽን ማለት ይህ የማዳን ሥራ ነው። ስህተቱ ራሱ አይደለም። ማስታወሻው ላይ የተምታታው እዚህ ጋ ነው። ብክነቱን የሚያመጣው የሩቢስኮ ከኦክስጅን ጋር መዋሃድ ነው። ፎቶረስፒሬሽን ከዚያ የቀረውን ለቅሞ ይመልሳል።

መንገዱ ረጅም ነው። ባለሁለት ካርቦኑ ፎስፌቱን ጥሎ ከክሎሮፕላስት ይወጣል። ፐሮክሲሶም ይገባል፤ እዚያ ኦክስጅን ይበላል። ግላይሲን ሆኖ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይሄዳል። እዚያ ሁለት ግላይሲን ተገናኝተው አንድ ሴሪን ይሆናሉ። ሁለት ሲባዛ ሁለት አራት ካርቦን ነበር፤ ሴሪን ሦስት ነው። አንዱ ካርቦን የት ሄደ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጣ። ሴሪኑ በመጣበት ተመልሶ ክሎሮፕላስት ይገባና ዑደቱን ይቀላቀላል። ስለዚህ ከአራት ሦስቱ ይድናል፣ አንዱ ይጠፋል። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ አሞኒያም ይለቀቃል። እሱን መልሶ ለመያዝም ኤቲፒ ይከፈላል።

ኦክስጅን ሲበላና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ከውጭ ለሚያይ መተንፈስ ይመስላል። «ረስፒሬሽን» የተባለው ለዚህ ነው። ናቲ ያልከው የማታው መተንፈስ ግን ምግብ አቃጥሎ ኃይል የሚያገኝ ነው። ይሄኛው ኃይል ያስወጣል እንጂ አያስገባም።

ናቲ ዘፒያሳ

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። ግን ለምን ማታ አይሆንም? ማታም ኦክስጅን አለ፣ ሩቢስኮም ቅጠሉ ውስጥ አለ።

የቅጠል ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማታ ስኳሩ የለም። ባለአምስት ካርቦኑ ስኳር ሁልጊዜ እየታደሰ መሠራት አለበት። የመጨረሻዋ እርምጃ ኤቲፒ ትፈልጋለች፤ ኤቲፒው የሚመጣው ከብርሃኑ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ስኳሩ ወዲያው ያልቃል። ሩቢስኮ ካርቦንም ኦክስጅንም የሚያጣብቅበት ነገር ያጣል።

ይህ በመለኪያ ይታያል። ቅጠል ላይ ብርሃን አብርተሽ ድንገት ስታጠፊ ካርቦን ማስገባቱ ቶሎ ይቆማል። ግን መንገድ ላይ የነበረው ግላይሲን ገና አላለቀም። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦግ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ተራው የጨለማ መተንፈስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰዎች ይህን ጉድ ካዩ በኋላ ነው በብርሃን ውስጥ ሌላ ዓይነት መተንፈስ እንዳለ የጠረጠሩት። ሩቢስኮ ራሱ ከኦክስጅን ጋር እንደሚዋሃድ የታየው ግን በ1971 ነው፤ ቦዊስና ኦግረን አሜሪካ ውስጥ ሲሠሩ።

ብሩክ ኬሚስትሪ

ጋሼ፣ የኬሚስትሪው ማብራሪያ ደስ ይላል። ስለ እኔ ሐሳብ ግን ምንም አላሉም። እዚያው የሚመረተው ኦክስጅንስ?

የቅጠል ሰው

ብሩክ፣ ግማሹ ልክ ነው። ኦክስጅኑ እውነትም እዚያው ይመረታል። ግን አይከማችም። ኦክስጅን ሽፋኖችን በቀላሉ አልፎ ይወጣል። ደግሞ ውጭ ያለው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ቅጠሉ ቀድሞውንም በኦክስጅን የራሰ ነው። ከብርሃኑ ክፍል የሚጨመረው በዚያ ላይ ጥቂት ነው። ወሳኙ የኦክስጅን መብዛት ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማነስ ነው። ይህን በቁጥር ልየው። ሀና አካውንታንት ስለሆነች ትወደዋለች።

አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 ገደማ ነው። ኦክስጅን ከሱ 500 ጊዜ ይበልጣል። ሩቢስኮ ግን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ከኦክስጅን በጣም በተሻለ ይሟሟል። ስለዚህ 25 ዲግሪ ላይ ያለ፣ ከአየር ጋር የተመጣጠነ ውሃ ውስጥ ልዩነቱ ወደ 20 ለ1 ይወርዳል።

የስንዴ ዓይነት ተክል ሩቢስኮ ለካርቦን ያለው አድልዎ 90 እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ 90ን ለ20 ስናካፍል 4.5 ይሆናል። ይህ ግን ቅጠሉ ውስጥ እንደ ውጭው ያህል ካርቦን ቢኖር ነው። አይኖርም። ካርቦኑ በቀዳዳዎቹ ሲገባ ይቀንሳል፤ ውስጥ ደግሞ እየተበላ ነው። ሩቢስኮ ጋ ሲደርስ ልዩነቱ 30 ለ1 ገደማ ነው። 90ን ለ30 ብናካፍል 3። ሦስት ጊዜ ካርቦን፣ አንድ ጊዜ ኦክስጅን።

አንድ የኦክስጅን ስህተት ግማሽ ካርቦን ያስወጣል፤ ከሁለት ስህተት አንድ ካርቦን ነውና። ስለዚህ ሦስት አስገብቶ ግማሽ ያወጣል። ከስድስት አንዱ ጠፋ።

ከፍታውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ግን ግፊት ሲቀንስ ሁለቱም ጋዞች እኩል ነው የሚቀንሱት። የሚወስነው ደግሞ የሁለቱ ንጽጽር ነው፤ እሱ አይለወጥም። ቆላ ይብሳል ያልከው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ሙቀት ነው። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ የሚወጣው ከኦክስጅን ይልቅ ፈጥኖ ነው። የሩቢስኮም አድልዎ ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው ስህተቱን ያበዙታል።

ብሩክ ኬሚስትሪ

ንጽጽሩን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ። ለዓመታት ለተማሪዎች እንደዚያ ስነግር ነበር፣ አስተካክላለሁ።

ጽጌ ካዛንቺስ

ሰላም ልጆች። እኔ ሳይንሱ ብዙም አይገባኝም፤ ግን ችግሬ ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው። ከዘመድ የመጣች የቡና ችግኝ አለችኝ። ደረጃው ስር ጥላ ላይ ነበረች፤ አረንጓዴዋ ደስ ይል ነበር። ፀሐይ ታግኝ ብዬ አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አወጣኋት። በሁለት ሳምንት ላይኛው ቅጠል ነጣ፤ ጠርዙም እንደ ብራና ደረቀ። ኦክስጅኑ ነው የጎዳት?

የቅጠል ሰው

እትዬ ጽጌ፣ ያዘኑበት ነገር ሌላ ነው። ፎቶረስፒሬሽን ቅጠልን አያነጣም። ዕድገት ያዘገያል እንጂ በዓይን የሚታይ ምልክት የለውም። የእርስዎ ቡና ጥላ ውስጥ የተሠራ ቅጠል ይዛ ድንገት ፀሐይ ላይ ወጣች። ቅጠሏ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ብርሃን ገባ። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ የብርሃኑን ክፍል ራሱን ያበላሸዋል፤ ቅጠሉ ይነጣል።

ወደ ጥላ ይመልሷት። ፀሐይ ማስለመድ ከፈለጉ ጠዋት ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ያውጧት፤ አዲስ የምታወጣው ቅጠል ይለምደዋል። የነጣው ግን አይመለስም።

ጽጌ ካዛንቺስ

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ አወርዳታለሁ።

ሀና 4 ኪሎ

ጋሼ፣ የጻፉልኝን ሁሉ ለወንድሜ አነበብኩለት። የ90ውን ስሌት ደብተሩ ላይ ሠራው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጨመረ። አንደኛ፣ እትዬ ጽጌ ላይ «ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ» ብለዋል። እኩለ ቀን ላይ ተክሉ ውሃ ለመቆጠብ ቀዳዳውን ሲዘጋ ካርቦን አይገባም፤ ብርሃኑ ግን ይቀጥላል። ያኔ ኤቲፒውና ኤንኤዲፒኤቹ የት ይሄዳሉ? ሁለተኛ፣ ይሄ ሁሉ በእርግጥ መሆኑን በቤት ውስጥ ማየት ይቻላል?

የቅጠል ሰው

ወንድምሽ ጥያቄው የሚያድር አይደለም። የመጀመሪያውን ልመልስ።

ቀዳዳው ሲጠብ ውስጥ ያለው ካርቦን ይቀንሳል። ልዩነቱ ከ30 ወደ 50 ከፍ አለ እንበል። 90ን ለ50 ብናካፍል 1.8 ነው። አሁን ለአንድ ኦክስጅን ሁለት እንኳ ካርቦን አይገባም። 1.8 አስገብቶ ግማሽ ያወጣል፤ ከሩብ በላይ ጠፋ። ግን ያ የማዳን መንገድ ኤቲፒም ኤንኤዲፒኤችም ይበላል። አንድ የኦክስጅን ስህተትን ማረም አንድ ካርቦን ለማስገባት ከሚወጣው ኃይል ትንሽ ይበልጣል። የሚለቀቀውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ ሳይወጣ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ብርሃኑ ሲበዛና ካርቦን ሲያንስ ዑደቱ መሽከርከሩን አያቆምም፤ ኃይሉም መሄጃ አያጣም።

በዚህ ምክንያት ፎቶረስፒሬሽን ለቅጠል መከላከያ ነው የሚሉ አሉ። የናይትሮጅን አጠቃቀምንም ይረዳል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ይሄ የጎን ጥቅም ነው፣ ኪሳራው ይበልጣል ይላሉ። በ2019 ኢሊኖይ ውስጥ ትምባሆ ላይ ረጅሙን መንገድ ክሎሮፕላስት ውስጥ በሚያልቅ አጭር መንገድ ተኩት፤ ማሳ ላይ የተክሉ ክብደት ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። ይህ ኪሳራ ነው ለሚሉት ትልቅ ማስረጃ ነው። እኔ ግን ትምባሆው በደንብ ውሃ ሲጠጣ የነበረ መሆኑን እያሰብኩ እጠራጠራለሁ። ድርቅ ላይ ያለ ገብስ ቢሆን ያንኑ ያሳያል? ለእኔ ገና ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።

ብሩክ ኬሚስትሪ

እንግዲያው የማዳን መንገዱን ጭራሽ ብናጠፋውስ? ከሁሉ ያ አይሻልም?

የቅጠል ሰው

ተሞክሯል። በ1979 ሶመርቪልና ኦግረን ከመንገዱ አንድ ኢንዛይም የጎደለው ትንሽ ተክል አገኙ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ውስጥ ደህና አደገ። ተራ አየር ላይ ሲያወጡት ግን መጥፋት ጀመረ። ማዳኑን ብታጠፋ ስህተቱ አብሮ አይጠፋም። ባለሁለት ካርቦኑ እየተጠራቀመ ዑደቱን ያንቀዋል። ሀና፣ «ለምን አልተስተካከለም» ላለው ከመልሱ አንዱ ክፍል ይህ ነው። ሩቢስኮ ሲፈጠር አየሩ ውስጥ ኦክስጅን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አለመለየቱ ምንም አያስከፍልም ነበር። ኋላ ፎቶሲንተሲስ ራሱ አየሩን በኦክስጅን ሞላው። አሁን ይበልጥ እንዲለይ የሚያደርግ ለውጥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል። እሱ ደግሞ ቀድሞውንም ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ ሦስት ካርቦን ገደማ ነው የሚይዘው።

የኛ ጤፍ ሩቢስኮውን ሳይነካ በሌላ መንገድ ነው ያመለጠው። በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳም እንዲሁ። መጀመሪያ ካርቦኑን የሚቀበለው ኦክስጅንን የማያውቅ ሌላ ኢንዛይም ነው። ከዚያ በቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ወዳሉ ሴሎች ይገፋዋል። ሩቢስኮው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካርቦኑ በዝቶ ይጠብቀዋል፤ ኦክስጅን ዕድል አያገኝም። ለመግፋቱ ተጨማሪ ኤቲፒ ይከፍላል። ስንዴ፣ ገብስና ቡና ይህ የላቸውም።

የቤት ሙከራውም ከዚሁ ይወጣል። ስንዴ ካስገባው እኩል የሚያወጣው መቼ ነው? ካርቦን ግማሽ፣ ኦክስጅን አንድ ሲሆን። 90ን ለግማሽ ስናካፍል 180። ልዩነቱ 180 ለ1 ሲደርስ ማለት ነው። 420 ላይ 20 ነበር፤ 180 ማለት ዘጠኝ እጥፍ ነው። 420ን ለዘጠኝ ስናካፍል 47 ገደማ። በመለኪያም የሚገኘው ከ40 እስከ 50 ነው። ስንዴ ከዚያ በታች ካርቦን ማስገባት አይችልም፤ ያጣል እንጂ። በቆሎ ግን ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ይጎትታል። ሁለቱን አንድ ማሰሮ ውስጥ ብርሃን ላይ ብትዘጊያቸው በቆሎው አየሩን ከስንዴው ወለል በታች ያወርደዋል። ስንዴው የራሱን ካርቦን ለበቆሎው እየሰጠ ይራባል።

ሀና 4 ኪሎ

ዛሬውኑ እንጀምራለን! ሰፊ አፍ ያለው የብርጭቆ ማሰሮ አለን። ስንዴና በቆሎውን ጣሳ ላይ ዘርተን እናበቅላለን።

*(ከሦስት ሳምንት በኋላ)*

ሀና 4 ኪሎ

ጋሼ፣ አልሠራም። ሁለቱን ከነአፈራቸው ማሰሮው ውስጥ አስገብተን ክዳኑን በፕላስተር አሸግን። መስኮት አጠገብ አስቀመጥን። አሥር ቀን ሆነው፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ስንዴው እንዲያውም ክዳኑን ሊነካ ነው። ወንድሜ አኩርፏል።

የቅጠል ሰው

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አፈሩ ይተነፍሳል። ውስጡ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ቀን ከሌት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። ማሰሮው ውስጥ ካርቦን አልቆ አያውቅም ማለት ነው። ዘሩም ገና ሥሩ ላይ ካለ እንደዚያው ነው፤ ስንቅም ይሰጠዋል።

ሥራቸውን በደንብ እጠቡ። የዘሩን ቅሪት በጥፍር ቆንጥጣችሁ አውጡ። እርጥብ ንጹሕ ጥጥ ላይ አቁሟቸው። በቆሎው በቅጠል ከስንዴው ይብለጥ። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡ፤ የተዘጋ ማሰሮ ውስጥ ይቀቀላሉ። ደመቅ ያለ ጥላ ይበቃል። ማታ መብራት ማብራት ብትችሉ ይሻላል፤ ማታ የሚወጣው ካርቦን ስንዴውን ለጊዜው ያድሰዋል።

*(ከሁለት ሳምንት በኋላ)*

ሀና 4 ኪሎ

እንዳሉት አደረግን። ማታ የጠረጴዛ መብራት እያበራን ነው። አንድ ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶብናል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀን ነው። የስንዴው የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ሁለተኛውም ጀምሯል። በቆሎው እንደነበረ ነው፤ መሃል ላይ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ ብሏል። ወንድሜ በየጠዋቱ ቢጫውን በማስመሪያ እየለካ ይጽፋል፤ ትናንት 4 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ዛሬ ወደ 6 ተጠግቷል።

ብሩክ ኬሚስትሪ

እንኳን ደስ አላችሁ! ተረጋገጠ ማለት ነው።

የቅጠል ሰው

ብሩክ፣ ትንሽ ቆይ። ስንዴው ዘሩን አጥቷል፣ ሥሩ ተነካክቷል፣ ጥጥ ላይ ማዳበሪያ የለውም። ያለ በቆሎም ሊቢጭ ይችላል። ናይትሮጅን ሲያንስም መጀመሪያ የሚቢጨው የታችኛው ቅጠል ነው። ያያችሁት ከስሌቱ ጋር ይስማማል፤ ግን ገና አይለየውም።

አንድ ሌላ ማሰሮ ውስጥ በተመሳሳይ ቀን ስንዴ ብቻውን ዝጉ። እሱ ወደ 47 ሲወርድ ይቆማል፤ ከዚያ በታች የሚጎትተው የለም። የሁለቱን ቢጫ አወዳድሩ።

ናቲ ዘፒያሳ

ሦስተኛ ማሰሮም አክሉ፤ ሁለቱን ዘግታችሁ ክዳኑን በየቀኑ እየከፈታችሁ አየር አስገቡለት። ያ ስንዴ ካልቢጨ ጥፋቱ የጥጡ አይደለም ማለት ነው። ልክ ነኝ ጋሼ?

የቅጠል ሰው

ልክ ነህ ናቲ። ከኔው ይሻላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈት፤ በተዘጋበት ሰዓት እንዳይራብ።

ሀና 4 ኪሎ

እሺ፣ ሦስት ማሰሮ። ሁለት ተጨማሪ ከጎረቤት ተውሰናል። ወንድሜ አዲሱን ስንዴ ዛሬ ነክሯል፤ በቆሎውንም እንዲሁ። ቅጠል አውጥተው እስኪታጠቡ አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። መዝገቡን እዚሁ ላይ እለጥፋለሁ።